«ስህተት ተፈጥሯል»

ከሰዓት ሲናወጥ የዋለው ጣና ማታ ላይ ረጭ አለ። የእኔ ሆድ ግን አልረጋም። ጠዋት እናቷን ደግፋ ወደቡ ድረስ የመጣችው ደንበኛ አሁንም ዓይኔ ላይ ናት። ለዘጌ ቀብድ ከፍላ ነበር። ጀልባዋ ግን ሌሎች ሰዎችን ጭና ሄዳለች።

ጣጣው ሁሉ አንዲት ቁጥር ናት። ውጭ አገር የኖረች ስለሆነች በስልክ መልእክት «8:00» ብላ ጻፈች፤ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቷ ነው። እኔ ደብተሩ ላይ «8 ሰዓት» ብዬ ገለበጥኩት። ደብተሩ የሚያዘው በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ ጠዋቱ ባዶ መሰለ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ሰው ለጠዋት 2 ሲደውል ዓይኔን ሳላሽ ሰጠሁት። «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብዬ መልሼ ብጠይቃት ኖሮ እኮ አንድ ደቂቃም አይፈጅም ነበር።

«በቃ ከሰዓት ልውሰዳችሁ» ማለት ካሳ አይሆንም። ሐይቁ የሚተኛው ጠዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ የአንድ ሰዓት ያህሉ መንገድ ለአሮጊት እናት ስቃይ ይሆናል። ቀብዱን መመለስም ካሳ አይደለም፣ የራሷ ገንዘብ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለጀልባ ነጂው ደወልኩና የነገው ጠዋት በእርግጥ ክፍት መሆኑን አረጋገጥኩ፤ ሁለተኛ ባዶ ቃል ከመጀመሪያው ይከፋል። ከዚያ 2,000 ብር ቀብዱን እና የባጃጁን የደርሶ መልስ ሂሳብ ዛሬውኑ በቴሌብር፣ የነገውን ጉዞ ደግሞ በግማሽ ዋጋ፣ 6,000 የነበረውን በ3,000 አልኩ። ነገ መሄድ የማይመቻቸው ከሆነ 1,000 ብር እጨምራለሁ።

ይህን ልጽፍላት ስልኬን ሳነሳ እጄ በራሱ «ስለተፈጠረው ስህተት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ጻፈ።

ማን ፈጠረው? ደግሞስ «እንጠይቃለን» የምንለው እነማን ነን? እኔና ደብተሬ? ልጅ ሆነን ብርጭቆ ስንሰብር «ተሰበረ» ነበር የምንለው፤ ያመነች እናት ግን አላየሁም። አማርኛ ለጥፋተኛ መደበቂያ አያጣም፦ ተረሳ፣ ተምታታ፣ ተደረበ። «ጠፋ»ን «አጠፋሁ» ለማድረግ የሚያስፈልገው ከፊት አንዲት «አ»፣ ከኋላ አንዲት «ሁ» ብቻ ነው። ያቺ «ሁ» ናት የምትከብደው። ሩብ ሰዓት ያህል ሳጠፋና ስጽፍ ቆየሁ።

በመጨረሻ እንዲህ ላክሁ፦ «እህቴ፣ የጻፉልኝን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር መዝግቤ ተራዎን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ከዚያ ብሩን፣ ከዚያ የነገውን ጉዞ፣ መዝጊያው ላይ «ነገ 2:00 ወደብ ላይ እጠብቅዎታለሁ» ብዬ። አንብቤው ትንሽ ኮራሁም።

አሁን መልስ ገባ።

«እሺ፣ አመሰግናለሁ። ከሰዓት ነው?»