አንቀጽ ሰባ ሰባትን በጆሮ ማንበብ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት በጆሮዬ ነው። ዓይኔ ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል። ጅማ ውስጥ ለሠራተኞች ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው የምኖረው፤ ስለዚህ አዋጅ፣ ውሳኔና የሥራ ውል ሲነበብልኝ ይውላል። ድምፅ የምመርጠውም ለጨዋታ ሳይሆን ለዚህ ሥራ ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ ሁለት ዓይነት የአማርኛ ድምፅ አለኝ። አንዱ ኤንቪዲኤ ከሚባለው ነፃ የስክሪን ማንበቢያ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ነው። ሌላው ኤጅ ብሮውዘር ላይ Ctrl+Shift+U ሲጫኑ የሚያነበው ነው፤ እዚያ መቅደስ የምትባል የሴት፣ አምሃ የሚባል የወንድ ድምፅ ይገኛል። ማንም ሰው ሁለቱን ለአንድ ደቂቃ ቢያዳምጥ መቅደስን ይመርጣል። ሰው ትመስላለች። ኢስፒክ ደግሞ ሮቦት መሆኑን አይደብቅም።

የመቅደስ ትልቁ ብልጫ ማጥበቅና ማላላቱ ላይ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ ማሽኑ ከዓረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። «ምስክሩ ይሰማል» የሚለው የምስክሩ ቃል ይደመጣል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ምስክሩ ጆሮው ደህና ነው ማለትም ሊሆን ይችላል። ኢስፒክ እንዲህ ያለውን ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ ይለዋል፤ መቅደስ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን ትይዛለች። እኔ ግን አማርኛ አፌን የፈታሁበት ስለሆነ ሮቦቱ ሲያላላብኝ በጭንቅላቴ አጠብቀዋለሁ፤ ጆሮ ይለምዳል።

ለሥራ ኢስፒክን የያዝኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መቅደስም አምሃም ከኢንተርኔት ላይ የሚመጡ መሆናቸው ነው፤ ኔትወርክ ሲሄድ ንባቡም መሀል ላይ ይቆማል። ሁለተኛው ይበልጣል፦ ኢስፒክን በቀስት ቁልፍ ወደ ኋላ መልሼ ቃል በቃል፣ ካስፈለገም ፊደል በፊደል ማስነበብ እችላለሁ። በዚያ ላይ ያማረ ድምፅ የተሳሳተ ፊደልን አለስልሶ ሊያልፈው ይችላል፤ ደረቁ ድምፅ ግን የተጻፈውን እንዳለ ይጠራዋልና ግድፈቱ ጆሮ ላይ ይቆረቁራል። መቅደስን ማታ ማታ ለጋዜጣ እከፍታታለሁ።

ፍጥነቱን ያስተካከልኩት በአንቀጽ 77 ነው፣ የዓመት ፈቃዱ። አንድ የቡና ማበጠሪያ ሠራተኛ መጥቶ «ጋሼ፣ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስንት ቀን ነው የሚገባኝ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አንቀጹ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየተጨማሪው ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን ይጨምራል። አምስት ዓመት የሠራ ሰው 18 ይደርሰዋል። ለድምፅ መፈተኛ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፣ ምክንያቱም ቁጥር፣ ሁኔታና ጭማሪ ተከታትለው ይመጣሉ። የአንቀጹ ቁጥር ራሱ «ሰባ ሰባት» ነው። ድምፁ ሲፈጥን መጀመሪያ የሚጠፋው የእነዚህ ጫፍ ነው፦ ሰባና ሰባት፣ ዘጠኝና ዘጠና ይቀላቀላሉ።

አሠራሬ እንዲህ ነው። NVDA+Ctrl+V ስጫን የንግግር ቅንብሩ ይከፈታል፤ ፍጥነቱ ከ0 እስከ 100 ነው። 30 ላይ ጀምሬ አንድ ንዑስ አንቀጽ አስነብቤ አቆማለሁ፤ ከዚያ ማን፣ ስንት፣ ከምን በስተቀር የሚሉትን ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። ሦስቱንም ከመለስኩ 5 እጨምራለሁ፣ ቁጥሩ ካመለጠኝ 5 እቀንሳለሁ። ይህንን ጠዋት ጆሮ ትኩስ ሳለ መሞከር ያታልላል። እኔ ጠዋት 60 ላይ ደህና እሰማለሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል ካዳመጥኩ በኋላ ግን የያዝኩት 45 ላይ ብቻ ነበር። ቋሚ ያደረግኩትም 45ን ነው።

«ካልገባህ ቀስ አድርገው» የሚለው ምክር ለአዋጅ ብዙም አይሠራም። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አዋጅ ላይ ደግሞ ከግሱ በፊት አራት አምስት መስመር ሁኔታ ይደረደራል፤ «ይችላል» ነው ወይስ «አይችልም» የሚለው የሚታወቀው እመጨረሻው ላይ ነው። ድምፁ ከተንቀራፈፈ ግሱ ሲደርስ መነሻው ተረስቷል። ስለዚህ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር በደህና ፍጥነት ሁለቴ እሰማዋለሁ፤ የምዘገየው ቁጥር ላይ ብቻ ነው፣ እሱንም በቀስት አንድ በአንድ እያስጠራሁ። የሚያስፈልገኝ እረፍት በቃል መሀል ሳይሆን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ያለው ነው።

ያ እረፍት ግን ከድምፁ ሳይሆን ከጽሑፉ ነው የሚመጣው። ብዙ ጸሐፊ አራት ነጥብን (።) በአንድ ምልክት አይጽፈውም፤ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትቶ ፡፡ ያደርገዋል፣ ወይም የላቲኑን :: ያስገባል። ለዓይን አንድ ናቸው። ማሽኑ ግን ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን ላያውቅ ይችላል፤ ያኔ ትንፋሽ ሳይወስድ ወደሚቀጥለው ይገባል። ድምፁ ጥድፊያ የበዛበት ከመሰላችሁ ፍጥነቱን ከመንካታችሁ በፊት ይህን እዩ። ፋይሉን ኖትፓድ ላይ ከፍቼ በCtrl+H ሁለቱንም በ። እና በባዶ ቦታ እተካቸዋለሁ። «መ/ቤት» እና «ዓ.ም.» የመሳሰሉትን በኤንቪዲኤ የንግግር መዝገበ ቃላት ውስጥ በሙሉ ቃላቸው አስገብቻለሁ።

ነጋሪት ጋዜጣ የራሱ ጣጣ አለው። ገጹ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሆነ፣ ከፒዲኤፍ ሲገለበጥ አንድ መስመር ከዚህ አንድ መስመር ከዚያ ሊቀላቀል ይችላል። አማርኛውን ብቻ ለይቶ ማውጣት ግድ ነው። በድሮዎቹ የግእዝ ሶፍትዌሮች የተተየበ ሰነድ ደግሞ ስክሪን ላይ አማርኛ ቢመስልም ድምፁ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ያነበንባል፤ ያኔ ድምፅ መቀያየር ዋጋ የለውም፣ ሰነዱ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

ክረምት ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፅ ማጉያው ምንም ቢጮህ ተነባቢዎቹ ይዋጣሉ። ድምፅ ከመጨመር ይልቅ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ መጠቀምና የድምፁን ቅጥነት ትንሽ ከፍ ማድረግ ለእኔ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መብራት ይጠፋል ብዬ ስሰጋ ደግሞ ለብቻው በጫንኩት ኢስፒክ ሰነዱን አስቀድሜ በዚህ ትእዛዝ ወደ ድምፅ ፋይል ቀይሬ ስልኬ ላይ እጭናለሁ፦

```
espeak-ng -v am -s 150 -g 2 -f awaj.txt -w awaj.wav
```

-s ፍጥነቱ ነው፤ በደቂቃ የቃላት ግምት ይባላል እንጂ የእኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ቃል ቆጠራ አትውሰዱት። -g በቃላት መሀል ትንሽ ክፍተት ይጨምራል። ፋይሉ በUTF-8 መቀመጥ አለበት። እንዲህ ያለውን ፋይል ፊደል በፊደል ማስነበብ ስለማይቻል ከ150 አላሳልፈውም።

እዚህ ከተማ ግማሹ ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ነው የሚመጣው። ኢስፒክ ለእሱም ድምፅ አለው፤ በNVDA+Ctrl+P የተለየ ፕሮፋይል አበጅቼለታለሁ። ፍጥነቱን ግን 35 ላይ ነው የተውኩት። ቁቤ የአናባቢን ርዝመት ስለሚጽፍ ማሽኑ መገመት የለበትም፣ ነገር ግን ሲፈጥን አጭሩና ረጅሙ ይቀራረባሉ። lafa መሬት ነው፣ laafaa ለስላሳ ነው፤ የመሬት ክርክር ሳነብ ሁለቱ እንዲምታቱብኝ አልፈልግም።