ከመኪና ሞተር ሥር ለተገኘች ድመት ስም ስናወጣ

በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ በምሠራበት ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ብርዱ ሲበረታ የጎዳና ድመቶች ገና ሙቀታቸው ወዳልበረደ ሞተሮች ይጠጋሉ። በዚህ የተነሣ እኔና ባልደረቦቼ ሌሊቱን የቆመ መኪና ከማስነሣታችን በፊት ኮፈኑን በመዳፋችን መታ መታ የማድረግ ልማድ አለን። ባለፈው ዲሴምበር አንድ ማለዳ ኮፈኑን ስመታ ከውስጥ ቀጭን ጩኸት ሰማሁ፤ ስከፍተውም ግራጫ፣ ሰረዝ ሰረዝ ያለባት የድመት ግልገል ከባትሪው አጠገብ ተወሽቃ አገኘኋት። እናቷን ፈልገን ስላጣናት ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። ሐኪሟ 700 ግራም ያህል መመዘኗን፣ የዓይኖቿም ሰማያዊነት መለወጥ መጀመሩን አይታ ዕድሜዋን ሰባት ሳምንት ገደማ እንደሆነ ገመተች፤ ለመዝገቡም ስሟን ጠየቀችን። እኛ ግን ቦታው ለጊዜው ባዶ እንዲቆይ ለመንናት።

ለመቆየት የፈለግነው ስም አጥተን አልነበረም። ወንዱ ልጄ ገና በመኪና ውስጥ ሳለን «ሻዶው» እንበላት ብሎ ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ መጥታ አብራን የምትኖረው እናቴ ደግሞ ግልገሏ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ካዘጋጀንላት ካርቶን አልወጣም ስትል አይታ «አኩራፊዋ» ማለት ጀምራ ነበር። ሆኖም ከጎዳና የመጣች ድመት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምታሳየው ጠባይ የፍርሃት እንጂ የራሷ አይደለም። መደበቅ፣ ሰው ሲቀርብ እፍ እያሉ ጥርስ ማሳየት፣ ምግብን ሰው ሲወጣ ብቻ መቅመስ፣ የፈራች ግልገል ሁሉ የምታደርገው ነገር ነው። የድመት ግልገል ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በመሆኑ፣ የእኛዋ በዚያ ጊዜ ጠርዝ ላይ ነበረችና ትንሽ ታገሥናት። አጠገቧ ተቀምጠን ሳለን ሳህኗን ስትጨርስ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ስትቀርበን፣ ከዚያም በጎኗ ተዘርግታ ስትተኛ ፍርሃቱ እንደለቀቃት አወቅን፤ የራሷን ነገር መመልከት የጀመርነውም ከዚያ በኋላ ነው።

ውኃ ከመጠጣቷ በፊት ላዩን በመዳፏ ትነካ ነበር። የባለቤቴ የሥራ ጫማ ውስጥ ገብታም ትተኛ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን በእግር ድምፅ ላይ ያላት ትኩረት ልዩ ነበር። ቴሌቪዥኑ ቢጮህ ወይም ድስት ቢወድቅ ግድ ሳይኖራት፣ ከበሩ ውጭ በኮሪደሩ ላይ የሰው እርምጃ ሲሰማ ግን ከእንቅልፏ ተነሥታ በሩ ሥር ትቆማለች። ቤት ውስጥም ከሚራመደው ሰው ኋላ ትከተላለች፤ ሲቆም ትቆማለች፣ ሲቀጥል ትቀጥላለች። የጫማውን ነገር ክፍሉ ሲሞቅ ተወችው፤ የውኃውንም ጥልቁን ሳህን በዝርግ ስንለውጥላት አቆመች። እርምጃ መከተሏ ግን የሚራመደው ማንም ቢሆን፣ ቀንም ሆነ ማታ አልተለወጠም። ስም ልናወጣላት የሚገባው በዚህ ነው ያልነው ስለዚህ ነው፤ ሁኔታው ሲቀየር አብሮ የሚቀየር ጠባይ ለስም መሠረት አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ያለው የድምፅ ጉዳይ ነው፤ በስደት ቤት ውስጥ ይህ ከሌላ ቤት ይበልጥ ይከብዳል። እናቴ የምትናገረው አማርኛ ብቻ ነው፤ እዚህ የተወለዱት ልጆቼ ደግሞ ጠ፣ ጨ፣ ቀ የሚባሉትን ድምፆች ሲያወጡ ወደ ተ፣ ቸ፣ ከ ይወስዷቸዋል። ድመቷ የምትማረው ትርጉሙን ሳይሆን ድምፁን ስለሆነ፣ አንዱ ስም ከአራት አፍ አራት ዓይነት ሆኖ ከወጣ ለእርሷ አራት ቃል ነው። «ጠብታ» እና «ጫማ» በዚህ ምክንያት ወደቁ። «ጫማ» ደግሞ በየዕለቱ በቤት ውስጥ ደጋግመን የምንለው ቃል ስለሆነ፣ በስም መልክ ሲጠራ ከሌላው ንግግር ተለይቶ ሊሰማት አይችልም። «ተከታይ» ረጅም ነው፤ ረጅም ስም ደግሞ እያንዳንዱ ሰው በራሱ መንገድ ይቆርጠዋል፤ እናቴ «ተኬ» ስትል ልጄ «ቴኪ» ይላል። በአንድ ክፍለ ቃል ብቻ የሚያልቅ ስም በበኩሉ ድንገት ተቋርጦ በወጥ ቤት ጫጫታ ውስጥ ይጠፋል። ሁለት ክፍለ ቃል ያለው ስም በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፣ ለማሳጠርም አይጋብዝም። ለዚህ ፊደላችን ጥሩ መመዘኛ ይሰጠናል፤ ሁለት ፊደል ያለው፣ በተለይም መጨረሻው ሳድስ ያልሆነ ስም መምረጥ ነው። «ጉጉት» ብንላት ጥሪው ት ላይ ይዘጋል፤ በአናባቢ የሚያልቅ ከሆነ ግን ከሳሎን እስከ መኝታ ክፍል ድምፅን እየሳቡ መጥራት ይቻላል።

በዚህ ሁሉ ያለፈው «ኮቴ» ነው። ጠባይዋን ይናገራል፣ ከ እና ተ ለልጆቹ አይከብዱም፣ በመጨረሻውም ክፍት ነው። ሴት ልጄ «ኮቴይ» እያለች ትስበዋለች፤ ሁለቱ ምቶች ስላልተነኩ ምንም አላበላሸም። እናቴ ግን ድመት «ውሮ» ተብላ እንጂ ሌላ ስም ወጥቶላት አታውቅምና በዚያው ጸናች። «ውሮ» ለጥሪ እጅግ የተመቸ ቃል በመሆኑ አልተከራከርኳትም። ድመት ሁለት መጠሪያ መልመድ አያቅታትም፤ እናቴ በአንዱ እኛም በሌላው እስከጸናን ድረስ።

ስሙን ያስተማርናት በዶሮ ሥጋ ነው። የጥፍር ያህል ቁራሽ በጣታችን ይዘን «ኮቴ» አንድ ጊዜ ብቻ እንላለን፣ ቀና ስትል ወዲያው እንሰጣታለን፤ ርቀቱንም ከአንድ እርምጃ ጀምረን ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ክፍል አሳደግነው። መልስ ካልሰጠች ስሙን አናከታትልም፤ አሥር ጊዜ የተደጋገመ ስም እንደ ማቀዝቀዣው ጉርምርምታ ተራ ድምፅ ይሆናልና። ጥፍሯን ስንቆርጥም ሆነ የትል መድኃኒት ስናጠጣት ስሟን እንዳንጠራ ልጆቹን አጥብቄ አሳሰብኳቸው።

መልመዷን ያረጋገጥነው ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት በተጠቀሙበት መንገድ ነው። እነርሱ በርዝመት ከስሙ ጋር የሚመሳሰሉ አራት ቃላት አስቀድመው ያሰማሉ፤ ድመቷ በየቃሉ እየተሰላቸች ትኩረቷ ሲቀንስ ስሟን ያስከትላሉ፤ በዚያን ጊዜ ጆሮዋን ወይም ራሷን ካንቀሳቀሰች ለይታዋለች ማለት ነው። እኔም ጀርባዋን ሰጥታን ስትተኛ በአንድ ዓይነት ቃና፣ በመካከል ፋታ እየሰጠሁ «ቡና፣ ሶፋ፣ ሻማ፣ ዶሮ» አልኩ፤ ዶሮ ላይ ጆሮዋ አልተነሣም። «ኮቴ» ስል ግን ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ እኔ ዞሩ። ሴት ልጄ ስትሞክረውም እንዲሁ ሆነ። በዚያው ጥናት ድመቶቹ ስማቸውን ከማያውቁት ሰው አፍም ለይተውታል፤ ስሙ ከሁሉም አፍ አንድ ሆኖ እንዲወጣ መድከማችን ለዚህም ይጠቅማል።

ያልተፈታ አንድ ነገር አለ። በክረምት ማለዳ «ኮትህን ልበስ» ስንል እየሮጠች በሩ ላይ ትደርሳለች። አሁን አሁን መጨረሻውን እየለየች መጥታለች፤ ይሁን እንጂ በሩ ሲከፈት ሾልካ እንዳትወጣ ስለምንሰጋ ልጆቹ «ጃኬት» እንዲሉ አድርገናል። ለክትባት ስንመለስም ባዶው ቦታ ተሞላ። በእንግሊዝኛ ፊደል በ«ኢ» ቢጨርሱት «ኮት» ተብሎ እንደሚነበብ አስቀድመን ስላሰብን፣ መጨረሻው በ«ኤ» እና በ«ዋይ» እንዲጻፍ ጠየቅን፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውም ሠራተኛ ልክ እናቴ እንደምትጠራው አድርጋ አነበበችው።