በጠራራ ፀሐይ የሚበራው አምፖል

ወይዘሮዋ ሲደውሉ ድምፃቸው ውስጥ ንዴትም ሳቅም ነበር። «ልጄ፣ የግቢዬ አምፖል ሰዓት ተምታታበት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በርቶ ቀትር ላይ ጠፋ» አሉኝ። ቤታቸው አዳማ ነው፣ ወደ ሶደሬ መውጫ በኩል። ዕቃውን የገጠመላቸው ሌላ ሰው ነው። እኔና አብሮኝ የሚሠራው ልጅ መሣሪያችንን ይዘን ሄድን።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። አምፖሎቹ ማታ 12 ሰዓት ይበራሉ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይጠፋሉ። ፓምፑ ደግሞ ቀን ቀን ብቻ ውሃ ወደ ላይኛው ታንከር ይገፋል። ሌሊት ከተነሳ ተከራዮቹን አያስተኛቸውም። ሳጥኑን ስንከፍት ይህን ሁሉ የሚያዘው ራስፕቤሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ሆኖ አገኘነው።

«ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ላይ ስህተት ይኖራል» አለ ልጁ። ፕሮግራሙ ግን ደህና ነበር። ወይዘሮዋን «ትናንት መብራት ሄዶ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሄዶ ጠዋት 3 ሰዓት መጣ አሉኝ። ነገሩ እዚያ ላይ ተፈታ።

ፓይ 4 ባትሪ ያለው የራሱ ሰዓት የለውም። ሲነሳ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይጠይቃል። ካላገኘ መጨረሻ ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላል። የወይዘሮዋ ዋይፋይ ደግሞ ክፍያው ካለቀ ሰነባብቷል። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ለፓይው ገና ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ነው። «ጨለማ ነው» ብሎ አምፖሉን አበራ። በእሱ ሰዓት ጠዋት 12 እስኪሞላ ሦስት ሰዓት ያህል ቀረው፣ በእኛ ሰዓት ይህ ቀትር ነው። ዋይፋዩ ቢኖር ኖሮ ችግሩን ማንም ሳያየው ይኖር ነበር።

ልጁ መፍትሔ አላጣም። የሰዓት ሞጁል እንጨምርበት፣ ባትሪም እናድርግለት አለ። ሊሠራ ይችላል። እኔን ግን ሌላ ነገርም አሳስቦኛል። ፓይ ኮምፒውተር ነው። ሚሞሪ ካርዱ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይጽፋል። እየጻፈ መብራት ድርግም ካለ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ያኔ ፓይው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ትበራለች፣ ፓይው ግን ካርዱን ማንበብ ስላልቻለ አይነሳም። መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ግቢ ሁለት ማብሪያ ለማዘዝ ይህን ሁሉ ስጋት መሸከም ለምን?

ወይዘሮዋን «ከስልክዎ ሊያዙት ይፈልጋሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ እኔ እንዲበራና እንዲጠፋ ብቻ ነው የምፈልገው» አሉ። ምርጫው በዚህ አለቀ። አዎ ቢሉኝ ኖሮ ዋይፋይ ያለውን ኢኤስፒ32 እገጥም ነበር፣ እሱም ኮምፒውተር አይደለም። (እውነቱን ለመናገር፣ አምፖሉ ብቻ ቢሆን ከኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር የሚገዛ ታይመር ይበቃ ነበር።)

አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለውን ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ አስገባን። ካርድ የለውም፣ የሚዘጋ ነገርም የለውም። መብራት ሲመጣ በሁለት ሦስት ሰከንድ ሥራው ላይ ነው። እሱም ግን የራሱ ሰዓት ስለሌለው DS3231 የሚባለውን የሰዓት ሞጁል ከክብ ባትሪ ጋር ጨመርንለት። በዓመት ቢያዛባ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። በፕሮግራሙ ውስጥ ማታ 12 ሰዓትን 18 ብለን ነው የምንጽፈው፣ ልጁ መጀመሪያ 12 ብሎ ጽፎ ቀትር ላይ ሊያበራብን ነበር።

ፓምፑን አርዱዊኖው በሚያዘው ትንሽ ማብሪያ፣ በሪሌ ሞጁሉ፣ ቀጥታ አላገናኘሁም። ሪሌው ላይ 10 አምፔር ተጽፏል፣ የአንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲሠራ ከዚያ በታች ነው የሚስበው። ችግሩ ሲነሳ ነው፤ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል፣ የሪሌው መገናኛም ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሪሌው ኮንታክተር የሚባለውን ትልቅ ማብሪያ ያዛል፣ ኮንታክተሩ ፓምፑን።

ሞክረን ስናበቃ ልጁ አንድ ነገር አስተዋለ። መብራት አጥፍተን ባበራን ቁጥር ሪሌው «ቀጭ» ይልና ፓምፑ ለቅጽበት ይነሳል። የሪሌ ሞጁላችን ምልክቱ ዝቅ ሲል ነው የሚያበራው፣ ምልክቱን የሚልከው የአርዱዊኖው ፒን ደግሞ መውጫ ሲደረግ ዝቅ ብሎ ይጀምራል። የሁለቱን መስመር ቅደም ተከተል መቀየር በቂ ነበር፦

```
digitalWrite(7, HIGH);
pinMode(7, OUTPUT);
```

ከዚያ በኋላ ዋናውን ደጋግመን አጠፋን፣ አበራን። ድምፅ የለም።

ከሳጥኑ ያወጣነውን ፓይ ወይዘሮዋ «ይጣል?» ብለው ነበር። አልጣልነውም። የበር ካሜራ እናስገባ ብለው ሲያስቡ ነበርና ለእሱ አስቀመጡት። ቪዲዮ መቅዳት የአርዱዊኖ ሥራ አይደለም። ግን መጀመሪያ የመብራት መጠባበቂያ ይገዙለታል።