ወለዱን ግን አልነካውም

በክፍላችን የተቀየረ የባንክ ስቴትመንት ስለተገኘበት የአንድ አመልካች ፋይል ሲወራ ሁልጊዜ «በፎንቱ ነው የተያዘው» ይባላል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ውስጤ ይቃጠላል። ፋይሉን የገመገምኩት እኔ ነኝ፤ ያጋለጠውም ፎንቱ ሳይሆን ወለዱ ነው።

አመልካቹ የሦስት ወር የቁጠባ ሂሳብ ስቴትመንት በፒዲኤፍ አያይዟል። ደመወዙ በየወሩ መጀመሪያ 46,000 ይገባል። እንደ ልማዴ መጀመሪያ ቀሪ ሂሳቡን በየመስመሩ አስላሁት፦ ያለፈው ቀሪ፣ ሲደመር ገቢ፣ ሲቀነስ ወጪ። አብዛኛው የተነካካ ስቴትመንት እዚሁ ላይ ይወድቃል፤ ሰውየው አንድ ገቢ ያሳድግና ከሥሩ ያሉትን ቀሪዎች ይረሳቸዋል፣ ወይም ቀሪዎቹን ያስተካክልና ከግርጌ ያለውን የገቢ ድምር እንዳለ ይተወዋል። ይኼኛው ግን አንድም ቦታ አልሳተም። እያንዳንዱ ቀሪ ልክ ነው፣ የግርጌው ድምርም ልክ ነው። ሥራውን በኤክሴል እንደሠራው ግልጽ ነበር።

ቀጥዬ ገጹን አጉልቼ አየሁት። በወጪው ዓምድ ያለው 1 አናቱ ላይ ያለችው ምላስ ቅርጿ ሌላ ነው፤ በቀሪው ዓምድ ያለው 1 ደግሞ ሌላ። የቀሪው ዓምድ እርስ በርሱ ግን አንድ ወጥ ነው፤ ሁሉም እንደገና የተጻፈ ከሆነ እንደዚያ መሆኑ አይገርምም። በፋይሉ Properties ውስጥ Fonts የሚለውን ስከፍት ሁለት ፎንቶች Embedded Subset ተብለው ተዘርዝረዋል፣ የሚያስፈልጉት ፊደሎች ፋይሉ ውስጥ ተካተዋል ማለት ነው፤ ሦስተኛው ArialMT ብቻውን ያለዚያ ምልክት ቆሟል። አጠራጣሪ ነው፤ በኋላ የገባ ሊሆን ይችላል። ማስረጃ ግን አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ዓይኔ የቆመው በሦስተኛው ወር መጨረሻ ባለችው የወለድ መስመር ላይ ነው። 85.48 ትላለች። በሂሳቡ ላይ ከ100,000 በላይ ተቀምጦ የአንድ ወር ወለድ 85 ሊሆን አይችልም።

አሰላሉን ላሳይ፤ ለንባብ እንዲመች ቀሪዎቹን አጠጋግቻለሁ። ባንኩ ወለዱን የሚያስበው በየዕለቱ ቀሪ ላይ ነው፤ በዓመት 6 በመቶ፣ ለ365 ቀን ተካፍሎ። በስቴትመንቱ መሠረት በዚያ የ30 ቀን ወር ውስጥ ሂሳቡ ላይ 10 ቀን 112,000፣ 10 ቀን 108,000፣ 10 ቀን 102,000 ነበር። አማካዩ 107,333 ይሆናል። የዓመት ወለዱ 6,440 ነው፤ ለ365 ተካፍሎ በ30 ሲባዛ 529.32 ይመጣል። ስቴትመንቱ ላይ ያለው 85.48 ነው።

ከዚያ በተገላቢጦሽ ሄድኩ። ባንኩ 85.48 የከፈለው በስንት አማካይ ቀሪ ላይ ነው? 85.48 ለ30 ተካፍሎ በ365 ሲባዛ፣ ከዚያ ለ0.06 ሲካፈል 17,333 ገደማ ይሰጣል። ልዩነቱ 90,000 ነው። በሁለተኛው ወር ላይ ያንኑ ብሠራ ልዩነቱ 60,000 ሆነ፤ በመጀመሪያው ወር ደግሞ 30,000። በየወሩ ድፍን 30,000 ይጨምራል ማለት ነው፤ ደመወዝ በገባ ቁጥር። ከ46,000 ላይ 30,000 ሲቀነስ 16,000 ነው። አንዲት 1 ወደ 4 ተቀይራለች።

ሰውየው ወለዱን ለምን እንደተወው ይገባኛል። ትንሽ ቁጥር ናት፣ ገቢውን ስትመለከት ከቁም ነገር አትገባም። ብትታየው እንኳ ለመቀየር የባንኩን አሰላል በየዕለቱ መከተል ነበረበት።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ገባሁ። አመልካቹ በሰው በሰው የመጣ ስለነበር ፋይሉ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጉ ነበር።

«ድምሩ ይገጥማል?» አሉኝ።

«ይገጥማል።»

«የመነሻው፣ የመድረሻው፣ ሁሉም?»

«ሁሉም ይገጥማል።»

«ታዲያ የሰው ፋይል ለምን ታቆያለሽ?»

«ወለዱ አይገጥምም።»

«ወለድ የባንኩ ጉዳይ ነው። እኛን የሚያገባን ደመወዙ ነው።»

«ደመወዙ ስንት እንደሆነ የሚነግረን እኮ ወለዱ ነው» አልኳቸው። «ድምሩን የሠራው ሰውየው ሊሆን ይችላል። ወለዱን ያሰበው ግን ባንኩ ነው።»

ዝም ብለው ወረቀቱን አዩት። በመጨረሻ ያሉት «እንግዲህ ባንኩን ጠይቂ» ነው። አመልካቹ ማመልከቻው ላይ መረጃው ከባንክ እንዲጣራ ፈርሟል። ደብዳቤውን የላክሁት ባንኩ ራሱ ይፋ ባደረገው አድራሻ ነው። ስቴትመንቱ ላይ ባለው ስልክ አልደወልኩም፤ ደመወዝ የቀየረ ሰው ስልክ ለመቀየር አይቸገርም። መልሱ መጣ፦ ደመወዝ 16,000።

ይህ አሰላል በየትኛውም ሂሳብ ላይ እንደማይሠራ መናገር ይገባኛል። ወለድ በማይከፈልበት ተንቀሳቃሽ ሂሳብ ላይ ዋጋ የለውም። ወለድን በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ላይ የሚያስብ ባንክም አለ፤ በገንዘቡ መጠን የተለያየ ምጣኔ የሚሰጥም አለ፤ ከወለዱ ላይ ግብር ተቀንሶ የተጣራው ብቻ የሚጻፍበትም ይኖራል። ስለዚህ ልዩነት አየሁ ብሎ ከመጮህ በፊት የባንኩን የአሰላል ደንብ ማወቅ ግድ ነው። የእኔን ጥርጣሬ ያጠነከረው ልዩነት መኖሩ ብቻ አልነበረም፤ ልዩነቱ በሦስቱም ወር በእኩል ደረጃ ማደጉ ነው። የአሰላል ደንብ መለያየት በደመወዝ ቀን ድፍን 30,000 እየጨመረ አይሄድም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያንገበግበኝ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ጉዳዩን ሲያቀርቡ ስለ ወለዱ አንድ ቃል አላነሡም። ስለ ፎንቱ አወሩ፤ ፎንት በዓይን ይታያል፣ ለማስረዳትም ይቀላል። ሳይውል ሳያድር መመሪያ ወጣ፦ ስቴትመንቱ ላይ ከአንድ በላይ ፎንት ከተገኘ ማመልከቻው ውድቅ ይሁን።

በዚህ መመሪያ የተመለሰች አንዲት ሴት አለች። የእሷ ባንክ የደንበኛውን ስም በአንድ ዓይነት ፊደል፣ አሃዙን በሌላ ዓይነት ፊደል ያትማል፤ ለሁለት ዓይነት ፊደል ሁለት ፎንት መጠቀም የተለመደ ነው። ርዕሱ በደማቅ ከተጻፈ ያም በዝርዝሩ ላይ እንደ ሌላ ፎንት ይቆጠራል። እንዲያውም በአንድ ፎንት ብቻ የወጣ የባንክ ስቴትመንት ማግኘት ይከብዳል። በሌላ በኩል አጭበርባሪው ያስተካከለውን አትሞ ስካን ካደረገው የፎንት ዝርዝሩ ብዙውን ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ በዚህ መመሪያ ሰተት ብሎ ያልፋል።

የሴትዮዋን ወለድ አስላሁት፤ በስድስቱም ወር እስከ ሳንቲሙ ድረስ ገጠመ። ባንኳን ጠየቅሁ፤ ስቴትመንቱ የራሳቸው መሆኑን በደብዳቤ አረጋገጡ። ደብዳቤው ሲደርስ ግን የውድቅ ማስታወቂያው ተልኮላት ነበር። ስሌቱንና የባንኩን መልስ አያይዤ መመሪያው እንዲሻሻል፣ እሷም ተጠርታ ፋይሏ እንዲታይላት በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። እሷ ተጠርታለች፤ መመሪያው ግን እስከ ዛሬ አልተነሣም።