ጥርጣሬው ልጁ ላይ፣ ቁጥሩ ሌላ ቦታ

በሲም ካርድ የሚሠሩ ራውተሮችን ሰው ቤት እየሄድኩ እተክላለሁ። ተከላው ረጅም አይደለም። ሲሙን መጀመሪያ ስልክ ላይ አስገብቼ የፒን መጠየቂያውን አጠፋለሁ። ፒን የተቆለፈበት ሲም ራውተር ውስጥ ሲገባ ኔትወርክ ሳይዝ ይቀመጣልና። ከዚያ ራውተሩን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ በብራውዘር ወደ መቆጣጠሪያ ገጹ እገባለሁ። ብዙዎቹ ላይ አድራሻው `192.168.8.1` ወይም `192.168.1.1` ነው። ሲግናል እያለ ኢንተርኔት ካልሠራ APN የሚለውን፣ የኦፕሬተሩን የኢንተርኔት መግቢያ ስም፣ አስተካክላለሁ። የዋይፋዩንና የገጹን ፓስዎርድ ቀይሬ እወጣለሁ። ጊዜ የሚወስደው፣ ዳታው የት እንደገባ ሲጠፋ ነው።

አንዲት እናት ደወሉልኝ። የወር ጥቅላቸው 100 ጊጋባይት ነበር። ወሩ ሳይጋመስ አለቀ። ገና ከመግባቴ፣ «ልጄ፣ የጨረሰብን ይሄ ጌም የሚጫወተው ነው» አሉኝ። ልጁ ጥግ ላይ አኩርፎ ተቀምጧል። ስልኩንም ተቀምቷል።

ለልጁ አዘንኩለት። ኦንላይን ጌም መጫወት ብቻውን ብዙ ዳታ አይበላም። አብዛኛው ጨዋታ በሰዓት ከ100 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ከባዱ ጌሙን ማውረድና ማዘመን ነው፤ አንዱ ትልቅ ጌም ብቻውን በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋ ይወስዳል። ልጁን ጠየቅኩት፤ በዚያ ወር አዲስ ጌም አልጫነም።

የራውተሩን Statistics ገጽ ከፈትኩ። ዳውንሎድ 36 ጊጋ፣ አፕሎድ 64 ጊጋ ይላል። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ተራ ቤት ውስጥ ዳውንሎዱ ከአፕሎዱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቪዲዮ ማየትም፣ ጌም ማዘመንም የሚቆጠረው ዳውንሎድ ላይ ነው። አፕሎዱ ከበለጠ፣ ከቤቱ ወደ ውጭ የሚልክ ነገር አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የፎቶ ባካፕ ነው፣ ስልኩ የፎቶና የቪዲዮ ቅጂ ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫ ሲልክ፤ አንዳንዴ የጥበቃ ካሜራ ይሆናል። ብዙ ሰው ደግሞ የላከውም ከጥቅሉ እንደሚቀነስ አያውቅም።

ይህ ራውተር ጠቅላላውን እንጂ እያንዳንዱ ስልክ የተጠቀመውን አያሳይም። ርካሾቹ አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ስልካቸውን እንዲያስቀምጡ ጠየቅኩ። አዲስ ጥቅል ተሞልቶ፣ ማንም ምንም ሳይነካ የአፕሎድ ፍጥነቱ 4 ሜጋቢት በሰከንድ ላይ ቆመ። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ነው። ሌሊቱን 8 ሰዓት ከሄደ ከ14 ጊጋ በላይ ይሆናል። ዋይፋዩን ከየስልኩ ተራ በተራ አጠፋን። የልጁ ሲጠፋ ምንም አልተለወጠም። የእናትየው ሲጠፋ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ወረደ።

እሳቸው ጥፋት የለባቸውም። ስልካቸው ላይ ባካፕ የተስተካከለው «በዋይፋይ ብቻ» ተብሎ ነው። ድሮ ቤቱ ዋይፋይ ስላልነበረው፣ የዓመታት የልደትና የሠርግ ቪዲዮ ሳይላክ ተጠራቅሞ ቆይቷል። ራውተሩ ሲተከል ስልኩ ዋይፋይ አገኘ። ስልክ ዋይፋይ ሲያይ ዳታው የማያልቅ ይመስለዋል፤ ከጀርባው በጊጋ የሚሸጥ ሲም እንዳለ በምን ያውቃል? በራስ ዳታ ላይ የምንጠነቀቅበት ሁሉ ዋይፋይ ላይ በራሱ ይለቀቃል።

ስለዚህ ባካፑን አቆምን። ከዚያ የቤቱን ዋይፋይ በየስልኩ ሴቲንግ ውስጥ Metered፣ ማለትም ዳታው ተቆጥሮ የሚከፈልበት፣ አልነው፤ አይፎኑ ላይ Low Data Mode ነው የሚባለው። ላፕቶፑንም Metered አደረግነው፤ ዊንዶውስ አብዛኛውን ዝመና ሳይጠየቅ እንዳያወርድ።

በራውተሩ ገጽ ላይ የወሩን ገደብ 100 ጊጋ፣ ማስጠንቀቂያውን 80 በመቶ ላይ አደረግኩ። ቆጠራው የሚጀምርበትን ቀን ጥቅሉ ከሚታደስበት ቀን ጋር አገጣጠምኩ። ይህ ካልተገጣጠመ ቁጥሩ ምንም አይነግርም። የራውተሩና የኦፕሬተሩ ቆጠራ በትንሹ ሊለያይ ይችላል፤ ጥቅሉን የሚዘጋው የኦፕሬተሩ ስለሆነ ቀሪውን ከዚያ እንዲያዩ ነገርኳቸው።

ማን ስንት እንደተጠቀመ ለማየትም በአንድሮይድ ስልኮቹ የዳታ አጠቃቀም ገጽ ላይ የዋይፋዩን ድርሻ አሳየኋቸው። እዚያ በየአፑ ተለይቶ ይታያል። በየሳምንቱ አብረው እንዲያዩት ተስማሙ።

እናትየው ስልኩን ለልጁ መለሱለት። «ቪዲዮዎቼስ ሊጠፉ ነው?» ብለው ተጨነቁ፤ ጭንቀታቸው ልክ ነው። መፍትሔው ልጁ ጋ ነበር። በኬብል ወደ ላፕቶፑ፣ ከዚያም ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሊገለብጥላቸው ተነሣ፤ ለዚህ ደግሞ ዳታ አያስፈልግም።