ናሙናዬ 94 የሆነበት ምክንያት

በእኛ አገር የመመረቂያ ጥናት ውስጥ የናሙና ክፍሉ ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው ሕዝብ ብዛት ናሙና በሚያሰላው የያማኔ ቀመር ይጀምርና በዚያው ያልቃል። እኔም ደብረ ማርቆስ ላይ የማስተርስ ጥናቴን ሳቅድ መጀመሪያ የቀረበልኝ እሱ ነበር፤ የትምህርት ቤቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 160፣ የስህተት ወሰኑ 0.05፣ መልሱ 114። ቀመሩ የሚመልሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። «ከተማሪዎቹ ስንት በመቶው ይጨነቃል?» ብዬ ብነሳ ይረዳኝ ነበር። የእኔ ጥያቄ ከሞዴል ፈተና በፊት አሥር ደቂቃ ስጋታቸውን በወረቀት የሚጽፉ ተማሪዎች፣ ስለ ሌላ ነገር ከሚጽፉት ያነሰ ይጨነቁ እንደሆነ ነው። ሁለት ቡድን ሲነጻጸር ናሙናውን የሚወስነው በዋናነት ልናገኘው የምንፈልገው ልዩነት ትልቀት እንጂ የትምህርት ቤቱ ተማሪ ብዛት አይደለም።

ታዲያ ያ ልዩነት ስንት ይሁን? ከቀደሙ ጥናቶች ኢፌክት ሳይዝ፣ ማለትም በስታንዳርድ ዲቪዬሽን የተለካ የልዩነት ትልቀት፣ መውሰድ ቀላሉ መንገድ ነው፤ ከትናንሽ ጥናቶች ሲወሰድ ግን ያታልላል። በየቡድኑ 20 ሰው ያለው ጥናት ልዩነቱ ከ0.64 ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ካነሰ በ0.05 ደረጃ ጉልህ አይሆንም። ጉልህ የሆነው ብቻ እየታተመ ከሆነ፣ እውነተኛው ልዩነት 0.3 ቢሆንም እንኳ እኛ የምናነበው ከ0.64 በላይ የሆነውን ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ወደ መምህራኑ ወሰድኩት። የተጠቀምኩበት የስፒልበርገር የፈተና ጭንቀት መጠይቅ 20 ጥያቄ አለው፤ ነጥቡ ከ20 እስከ 80 ይደርሳል። «አሥር ደቂቃ የክፍል ጊዜ ለመስጠት ስንት ነጥብ ቢቀንስ ይበቃችኋል?» አልኳቸው፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እያሳየሁ። ከብዙ ክርክር በኋላ 5 ላይ ተስማማን። በሌላ ትምህርት ቤት ባደረግኩት ሙከራ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ወደ 10 ስለነበር 5 ለ10 ሲካፈል 0.5 ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ነው። ፓወር 0.80 ማለት የ5 ነጥብ ልዩነት በእርግጥ ካለ፣ ጥናቱን መቶ ጊዜ ብንደጋግመው በሰማንያ ያህሉ እናገኘዋለን ማለት ነው። ለዚህ በየቡድኑ 64፣ በጠቅላላው 128 ተማሪ ያስፈልጋል። «30 በየቡድኑ ይበቃል» የሚለውን የተለመደ ምክር ብሰማ ኖሮ ፓወሩ 0.48 አካባቢ ይሆን ነበር፤ ሳንቲም ከመወርወር አይሻልም።

ወላጆቻቸው ፈቅደው የፈረሙት ግን ከመቶ እምብዛም አይበልጡም። አማካሪዬ «እንግዲያው ኢፌክት ሳይዙን 0.6 አድርገው» አሉኝ። ይህን አልተቀበልኩም፤ 5 ነጥብ የተመረጠው በምክንያት ነው፣ ሰው አነሰ ተብሎ ወደ 6 አይሄድም። በምትኩ ጭንቀቱን ከሁለት ሳምንት በፊትም ለመለካትና የመጀመሪያውን ነጥብ በአንኮቫ ለመቆጣጠር ወሰንኩ። በሙከራው የሁለቱ ልኬቶች ተዛምዶ 0.7 አካባቢ ነበር፤ ከትንሽ ናሙና የተገኘ ስለሆነ ግን 0.6 ብዬ አሰላሁ። ተዛምዶው የተማሪዎቹን የነጥብ መበታተን ከ10 ወደ 8 ያወርደዋል። በR ሲሰላ እንዲህ ነው፦

```
power.t.test(delta=5, sd=10, power=0.80)
power.t.test(delta=5, sd=10*sqrt(1-0.6^2), power=0.80)
```

ወደ ላይ ሲጠጋጋ የመጀመሪያው በየቡድኑ 64፣ ሁለተኛው 42 ይሰጣል። ተዛምዶው 0.5 ብቻ ቢሆን ግን ወደ 49 ይወጣል፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር ከሰማይ ማውረድ አይገባም።

ሁለት ጊዜ መለካት ግን ሁለት ጊዜ መገኘትን ይጠይቃል። ከጎዛምንና ከአነደድ ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ብዙ ናቸው፤ ዓርብ ስንቅ ሊያመጡ ይሄዳሉ፣ ሰኞም የሚዘገይ አለ። ልኬቱን ረቡዕ አደረግሁት፣ ለሚቀሩትም 10 በመቶ ጨመርኩ፤ የሁለቱ ቡድን 84 ለ0.9 ሲካፈል ወደ 94 ይመጣል። ተማሪዎቹን በዕጣ የመደብኳቸው በየሴክሽኑ ውስጥ አንድ በአንድ ነው። አንዱን ሴክሽን ሙሉ ለጽሑፉ፣ ሌላውን ለንጽጽር ብሰጥ ኖሮ የመምህሩን ተጽዕኖ ከጽሑፉ መለየት አይቻልም ነበር፤ ያን ደግሞ የተማሪ ብዛት አያስተካክለውም።

እስከ መጨረሻው የቀሩት 86 ናቸው። የጻፉት በ3.1 ነጥብ ያነሰ ተጨነቁ፤ የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልሉ ከ0.3 ጭማሪ እስከ 6.5 ቅነሳ ይደርሳል። ጥናቴን በተከላከልኩበት ቀን አንድ ፈታኝ «ባገኘኸው ውጤት ላይ ተመሥርተህ ፓወሩን መልሰህ አስላ» አሉኝ። ያ ስሌት ፒ ቫልዩውን በሌላ ልብስ ከማቅረብ ያለፈ አይጨምርም፤ ጉልህ ያልሆነ ውጤት እንዲህ ሲሰላ ሁልጊዜ ፓወሩ ከግማሽ በታች ይወጣል። ያሳየኋቸው ክልሉን ነው። ዜሮም 5ም ውስጡ አሉ፤ ጽሑፉ መምህራኑ የጠየቁትን ያህል መጥቀሙንም ምንም አለመጥቀሙንም መዝጋት አልቻልኩም፣ ስምንት ነጥብ የሚቀንስ ተአምር ግን አይመስልም።