ቅጽሉ ሲወጣ ፍሬ ነገሩ አብሮ እንዳይወጣ

ፍርድ ያዘለ ቅጽል ከዜና ላይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው መረጃው ነው። ቃሉን ሰርዞ ቀሪውን መግጠም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንዳንዱ ቅጽል በውስጡ መረጃ ደብቋል፤ አንዳንዱም ጭራሽ የጸሐፊው ቃል አይደለም። ሁለቱንም እንደ ተራ ማጋነኛ የሚሰርዝ ሰው ዜናውን ያጸዳ መስሎት ያጎድለዋል። ለማስታወሻ እንዲሆነኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርቼ እስከ መጨረሻው ልከተለው።

«ጨካኙ የፋብሪካው አስተዳደር ማክሰኞ ዕለት 214 ምስኪን ሠራተኞችን በድንገት ያባረረ ሲሆን፣ ማኅበራቸው አሳፋሪ ያለውን ይህን ውሳኔ፣ ትዕዛዝ በ30 በመቶ ብቻ መቀነሱን ሰበብ አድርጎ ለመከላከል ሞክሯል።»

እርማቱ ከመጀመሩ በፊት በሌላ ወረቀት ላይ ፍሬ ነገሮቹን ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል። እዚህ ሰባት አገኛለሁ፦ ያሰናበተው አስተዳደሩ ነው፤ ቀኑ ማክሰኞ ነው፤ የተሰናበቱት 214 ናቸው፤ ነገሩ የሆነው በድንገት ነው፤ ማኅበሩ ውሳኔውን አሳፋሪ ብሎታል፤ አስተዳደሩ የትዕዛዝ መቀነስን ምክንያት አድርጎ አቅርቧል፤ ቅናሹ 30 በመቶ ነው። ይህ ዝርዝር ካልተጻፈ፣ አዲሱ ዓረፍተ ነገር ጆሮ ላይ ጥሩ ሆኖ ሲመጣ የጎደለው ነገር አይታይም። ዓይን የሚያየው የተጻፈውን እንጂ የተሰረዘውን አይደለምና።

ከዚያ እያንዳንዱን ቅጽል «በምን ታወቀ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። «ጨካኙ» መልስ የለውም፤ የሚቆጠር፣ የሚታይ ወይም በሰነድ የሚረጋገጥ ነገር ስላልያዘ ይወጣል። «ምስኪን»ም እንዲሁ። ለሠራተኞቹ ማዘን ነውር አይደለም፤ ግን 214 ሰው ሥራ ማጣቱ በራሱ የሚናገር ቁጥር ነው፣ አንባቢው ያለ ረዳት ይረዳዋል።

«በድንገት» ግን ሌላ ነው። ሰዋስው ተውሳከ ግስ ቢለውም ሥራው እንደ ቅጽሉ ነው፣ ግማሹ ስሜት ግማሹ መረጃ። በምን ታወቀ ሲባል መልስ ሊኖረው ይችላል፦ ማስጠንቀቂያ አልተሰጠም ይሆናል፣ ወይም ደብዳቤው በደረሰበት ቀን ሥራው አብቅቷል። የዜናው ቀሪ አንቀጽ ይህን ከነገረን ቃሉን በዝርዝሩ እንተካዋለን። ካልነገረን ግን ከራሳችን «ያለ ማስጠንቀቂያ» ብለን መጻፍ አንችልም፤ ያ አዲስ መረጃ መፍጠር ነው። ያን ጊዜ ሁለት አማራጭ ብቻ አለ፤ ዘጋቢውን መጠየቅ፣ ወይም ቃሉን እንዳለ መተው። መሰረዝ ከሁለቱም የከፋ ነው፣ ምክንያቱም የጊዜውን ነገር ጨርሶ ያጠፋዋል። እዚህ ምሳሌ ላይ ቀሪው አንቀጽ ደብዳቤው ማክሰኞ ደርሶ ሥራው በዚያው ቀን ማብቃቱን ይናገራል እንበል።

ብዙ አራሚ የሚሳሳተው «አሳፋሪ» ላይ ነው። ከዝርዝሩ ሁሉ ይበልጥ ስሜት የተጫነው ቃል ስለሆነ እጅ መጀመሪያ ወደ እሱ ይሄዳል። ነገር ግን ማኅበሩ አሳፋሪ ማለቱ ራሱ የተዘገበ ድርጊት ነው። ቃሉ ሲሰረዝ ወይም «ማኅበሩ ውሳኔውን ተቃውሟል» ተብሎ ሲለዝብ፣ አንድ ወገን የተናገረው ነገር ከዜናው ወጣ ማለት ነው። ማድረግ ያለብን ባለቤቱ ግልጽ እንዲሆን ቃሉን ወደ ተናጋሪው ማስጠጋት ብቻ ነው፤ «አሳፋሪ ያለውን ይህን ውሳኔ» ሲባል ቃሉ ውሳኔው ላይ ተለጥፎ የጸሐፊው ይመስላል፣ «ማኅበሩ ውሳኔውን አሳፋሪ ብሎታል» ሲባል የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ነጠላውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ማሰርም አልወድም፤ አንድ ቃል ብቻ ሲታሰር አንባቢ እንደ ሽሙጥ ያነበዋል።

ቅጽል ያልሆኑትን ሳያዩ ማለፍም ሥራውን ግማሽ ያደርገዋል። «ሰበብ አድርጎ» ምክንያቱ ውሸት ነው ይላል። «ለመከላከል ሞክሯል» ሞክሮ እንዳልተሳካለት ይጠቁማል። «ብቻ» የምትለዋ ትንሽ ቃል 30 በመቶ ትንሽ ነው ብላ ፈርዳለች። ሦስቱም ይወጣሉ፣ ቁጥሩ ግን ይቀራል። «አባረረ» የሚለውን በ«አሰናበተ» እተካዋለሁ፤ ስንብት በሥራ ጉዳይ የተለመደው ስም ነው። «ቀነሰ» ግን አልልም፣ እሱ ደግሞ ለአስተዳደሩ የሚያደላ ማለስለሻ ነው። ከአንዱ ወገን ቃል ወደ ሌላው ወገን ቃል መሻገር ማጽዳት አይባልም።

አዲሱ እንዲህ ይሆናል፦

«የፋብሪካው አስተዳደር ማክሰኞ ዕለት 214 ሠራተኞችን አሰናብቷል፤ ሥራቸው ያበቃው ደብዳቤው በደረሳቸው ቀን ነው። የሠራተኞቹ ማኅበር ውሳኔውን አሳፋሪ ብሎታል። አስተዳደሩ ምክንያቱ ትዕዛዝ በ30 በመቶ መቀነሱ ነው ብሏል።»

ወደ ወረቀቱ ተመልሼ ሰባቱን አንድ በአንድ ምልክት አደርግባቸዋለሁ። ሁሉም አሉ፤ «በድንገት» የሚለው በዝርዝሩ ተተክቷል፣ ከቀሪው አንቀጽ ያልመጣ ነገርም አልተጨመረም። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት መሆኑ አያስጨንቀኝም። ያ ረጅም ሰንሰለት ነበር ፍርዱን የሸሸገው።

እዚህ ደረጃ ላይ የሚመጡ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ተገብሮ ግስ ነው፤ «214 ሠራተኞች ተሰናበቱ» የተረጋጋ ይመስላል፣ ግን አሰናባቹ ጠፍቷል፣ ከሰባቱ የመጀመሪያው ጎደለ። ሁለተኛው «ተብሏል»ን በየቦታው መርጨት ነው። ስንብቱ በደብዳቤ የተረጋገጠ ከሆነ «ማሰናበቱ ተነግሯል» ማለት ባልነበረ ጥርጣሬ መረጃውን ያዳክማል። በተቃራኒው «ገልጿል» የሚለው ግስ የተናጋሪውን ቃል እንደ እውነት አድርጎ የማቅረብ ባሕርይ አለው፤ ያልተጣራውን የ30 በመቶ ጉዳይ «ብሏል» በሚለው የያዝኩት ለዚህ ነው።

መነካት የሌለባቸው ቅጽሎችም አሉ። «ከባድ የአካል ጉዳት» ከሐኪም ወይም ከፖሊስ የመጣ ደረጃ ከሆነ መረጃ ነው፤ ጆሮ ላይ ስለሚከብድ ብቻ «ጉዳት» ብሎ ማሳጠር ከቀላል ጉዳት ጋር ያደባልቀዋል። «ሕገ ወጥ» ፍርድ ቤት ወስኖበት ከሆነ ከወሳኙ ስም ጋር ይቆያል፤ ካልተወሰነ ደግሞ የከሳሹ ቃል ሆኖ በከሳሹ ስም ይጻፋል።

በአማርኛ አንድ ተጨማሪ ቦታ ማየት ግድ ነው፣ የግሱ መጨረሻ። ቅጽሉ ሁሉ ጸድቶም በአንዱ ዘገባ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ «ብለዋል»፣ ሠራተኛው «ብሏል» ከተባለ ሚዛኑ እንዳዘነበለ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ንባቤ ግሶቹን ብቻ እየተከተልኩ ነው፤ ለአንዱ አንቱታ ከተሰጠ ለሌላውም ይሰጣል፣ አስተዳደሩና ማኅበሩን ግን እንደ ተቋም ሁለቱንም በነጠላ እተዋለሁ።